የላይኛው ቁጥር ለምን እንደማይናቅ፦ ስለ ደም ግፊት ንባብ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ግፊታችሁን ስትለኩ ዓይናችሁን የታችኛው ቁጥር ላይ አድርጉ። እሱ ልብ ሲያርፍ ያለው የልብ ግፊት ስለሆነ እውነተኛው እሱ ነው፤ ከ90 በታች ከሆነ በሰላም እደሩ። የላይኛው በእርምጃም በድንጋጤም የሚዘል ነው፤ ልኩም ዕድሜ ሲደመር 100 ነው። አንድ መሣሪያ በተከታታይ ተለክቶበት ሁለት ዓይነት ቁጥር ካወጣ ተበላሽቷልና ጣሉት። ደም ብዛት ደግሞ ስሙ እንደሚነግረን የደም መብዛት ነው፤ ትንሽ ቢቀነስ ይቀላል።»

ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት በሥራ ላይ እያለሁ ነው። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡ የ68 ዓመት እናት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ክፍል ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው እየመለሱ ክንዳቸውን ሲዘረጉልኝ፣ አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። በሌላው እጁ የያዘው ወረቀት ላይ ከጥቂት ቀናት በፊት ሌላ ቦታ የተለካው «144 በ72» ተጽፏል። «ሲስተር፣ ታችው 72 ነው። ላዩም ቢሆን ለዕድሜያቸው ገና ነው። ለምን ተመላለሱ ይሏቸዋል?» አለኝ። ለእርሱ በአምስት ደቂቃ የመለስኩለትን እዚህ በሰፊው እጽፈዋለሁ፤ ጸሐፊውም በቅንነት እንደጻፉት ስለማምን ቃላቸውን ነጥብ በነጥብ እየተከተልኩ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ከሁሉም የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ቀሪዎቹ ስሕተቶች የበቀሉት ከእርሱ ነውና። ክንድ ላይ የምንለካው በልብ ውስጥ ያለውን ግፊት አይደለም። ከልብ የወጣው ደም በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ደም ወደ መላው ሰውነት የሚረጨው የግራው የልብ ክፍል በእርግጥ በሚያርፍበት ጊዜ፣ በጤነኛ ሰው ውስጡ ያለው ግፊት ከ12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብዙም አያልፍም። በዚያው ቅጽበት ግን ክንድ ላይ 70 ወይም 80 እናነባለን። ይህ ቁጥር ካረፈው ልብ ሊመጣ አይችልም፤ በልብና አኦርታ በሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ መካከል ያለው ቫልቭ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። ታዲያ ማን ነው ግፊቱን ይዞ የሚያቆየው?

የሚይዙት ቧንቧዎቹ ራሳቸው ናቸው። ልብ በአንድ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ሲገፋ፣ ያ ሁሉ ደም በአንዴ ወደ ጣትና ወደ እግር አይደርስም። አኦርታ ይለጠጥና ከመጣው ደም ብዙውን ለጊዜው ይይዛል፤ ቫልቩ ሲዘጋ ደግሞ እንደተለጠጠ ላስቲክ ወደ ቦታው እየተመለሰ የያዘውን ወደ ፊት ይገፋል። በደቂቃ 75 ጊዜ በሚመታ ልብ አንዱ ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 0.8 ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ፣ የሚለጠጠውና የሚመለሰው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህን ለጣና ዳር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ሐይቁ ውኃውን የሚቀበለው በክረምት ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደፍርሰውና ሞልተው የሚገቡት ለጥቂት ወራት ነው። ዓባይ ግን በበጋም ከጣና ይወጣል፤ ሐይቁ የክረምቱን ተቀብሎ በዝግታ ስለሚለቅ። እንግዲህ የላይኛው ቁጥር ሐይቁ ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም ገደማ የሚደርስበትን ከፍተኛ ልክ ይመስላል። የታችኛው ቁጥር ደግሞ በግንቦት ማብቂያ፣ ቀጣዩ ዝናብ ከመግባቱ ጥቂት አስቀድሞ፣ ውኃው የሚወርድበትን ዝቅተኛ ልክ ነው። ሁለቱም የአንድ ሐይቅ ልኮች ናቸው። የግንቦቱን ብቻ አይቶ ስለ መስከረም መናገር አይቻልም።

ምሳሌው ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን በተለያየ መንገድ እንደሚበላሹ ያሳያል። ጨረጨራ ላይ ያለው የውኃ መውጫ በር ቢጠብ ውኃው በበጋም አይወርድም፤ የግንቦቱ ልክም ከፍ ይላል። በሰውነት ውስጥ ይህን በር የሚመስሉት ቀጫጭኖቹ ደም ቅዳዎች ናቸው። እነርሱ ሲጠቡ ደሙ ቶሎ አያልፍምና የታችኛው ቁጥር ይወጣል፤ በወጣትነትና በጎልማሳነት የሚጀምር ግፊት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው በአርባዎቹ ዕድሜ ስላለ ሰው ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ለታችኛው ቁጥር በሰጡት ክብደት ብዙም ባልተከራከርኳቸው ነበር።

አሁን ደግሞ በሩን እንተወውና ሐይቁ ራሱ የመያዝ አቅሙን አጥቶ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ ቦይ ሆነ እንበል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ጎን የሚሰፋበት ስለሌለው ሽቅብ ይወጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ የተጠራቀመ ስለሌለ እስከ ታች ይጎድላል። ዕድሜ ሲገፋ በአኦርታ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ግድግዳው እየደደረ መለጠጥ ሲያቅተው ልብ የገፋው ደም ግፊቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የሚመለስ ላስቲክ ስለሌለ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ምት ድረስ ግፊቱ ከቀድሞው በበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በኋላ በብዙ ሰው ላይ የላይኛው ቁጥር እየወጣ የታችኛው እየወረደ ይሄዳል። የ68 ዓመት ሰው ላይ ከፍ ካለ የላይኛው ቁጥር ጋር የሚታይ 72 ታዲያ የሰላም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አንዳንዴ የችግሩ ሌላኛው ፊት እርሱ ራሱ ነው።

የላይኛው ቁጥር ይዘላል ማለታቸው ግን እውነት ነው። ደረጃ የወጣ፣ የተጣላ፣ ሽንቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ላይ ከፍ ይላል። መፍትሔው ሰውየውን አሳርፎ መለካት እንጂ ቁጥሩን መጣል አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። ዕድሜ ላይ 100 የመደመር ልማድ የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም፤ በድሮ ዘመን ሐኪሞችም ጭምር ይሉት የነበረ አነጋገር ነው። የተነሣው አረጋውያን ላይ ከፍ ያለ ቁጥር በብዛት ስለሚታይ ነበር፤ በብዛት መታየት ግን ጤነኛ መሆን ማለት አይደለም። በጤና ተቋም ሲለካ መስመሩ የላይኛው 140፣ የታችኛው 90 ነው፤ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ሲለካ ከሁለቱ አንዱ ብቻ መስመሩ ላይ ቢደርስ ወይም ቢያልፈው ግፊት አለ ይባላል። ቤት ውስጥ በእርጋታ ለተለካ ቁጥር መስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ 135 በ85 ይሆናል።

ይህ የሐኪሞች ስምምነት ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ውጤቱ የወጣው ሼፕ የተባለ ሙከራ፣ ትክክለኛ ቁጥራቸውን ኋላ እንደምታዩት፣ ልክ እንደ እኒያ እናት ያሉትን ሰዎች ነበር የመረጠው፤ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የላይኛው ቁጥራቸው 160 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የታችኛው ግን ከ90 በታች የሆነ ሰዎችን። ሲጀመር አማካይ ግፊታቸው 170 በ77 ነበር። በጽሑፉ ሚዛን ቢመዘኑ አብዛኞቹ «በሰላም እደሩ» የሚባሉ ናቸው። ግማሾቹ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ተሰጣቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከ100 ሰው 8 ያህሉን ስትሮክ መታቸው፤ ከወሰዱት ግን 5 ያህሉን። የታችኛው ቁጥር ከመጀመሪያውም ደህና ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው የላይኛው መውረዱ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሐሳብ ጥቂት ቦታ መተው ተገቢ ነው። ልብ ራሱ ደም የሚያገኝባቸው ቧንቧዎች በብዛት የሚሞሉት ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የላይኛውን ለማውረድ ሲባል የታችኛው ከልክ በላይ እንዳይወርድ ሐኪም ይጠነቀቃል፣ መድኃኒቱንም በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። የታችኛውን ማየት ያስፈልጋል፤ የላይኛውን ለመናቅ ሰበብ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ነጥብ ሰው ጥሩ መሣሪያ እንዲጥል ስለሚያደርግ ዝም ልለው አልቻልኩም። ግፊት በየምቱ ይለዋወጣል። በሁለት ደቂቃ ልዩነት ተለክቶ 5 ወይም 8 ልዩነት ያመጣ መሣሪያ ጤነኛ ነው፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠኝን ነው ይልቅ የምጠረጥረው። ለዚህም ነው ሁለት ሦስት ጊዜ ለክተን፣ የመጀመሪያውን ትተን፣ የቀሩትን አማካይ የምንወስደው።

ከዚህ የሰፋ ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው የአለካኩ ሁኔታ ነው። ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሆነ ከልብ በታች በወረደ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ወደ 8 ገደማ በሁለቱም ቁጥሮች ላይ ይጨመራል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከተደረገም ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። እየተለኩ ማውራትም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ባሕር ዳር ላይ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ዘመድ ሳይጠየቅ መለካት እንደ ነውር ይቆጠራልና።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የሚያሳየው ስሕተት ነው፤ የልጁ ወረቀት ላይ የነበረውም ይህ ይመስለኛል። በማዳመጫ ስንለካ የክንዱን ደም ቅዳ በአየር ጨቁነን እንዘጋና አየሩን በዝግታ፣ በሰከንድ 2 ወይም 3 ያህል እየለቀቅን እናዳምጣለን። ደሙ በጠበበው ቧንቧ ተሽሎክሉኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የላይኛው ቁጥር ይህ ነው። አየሩ እየቀነሰ ሄዶ ቧንቧው መጨቆኑ ሲያበቃ ድምፁ ይጠፋል፤ የታችኛው ቁጥር ያ ነው። ዘዴውን በ1905 ያስተዋወቀው ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ነው። ችግሩ ቧንቧቸው በደደረ አንዳንድ አረጋውያን ላይ ድምፁ ከተጀመረ በኋላ መሐል ላይ ይጠፋና ዝቅ ብሎ እንደገና ይመጣል። የሚለካው ሰው አየሩን የነፋው እስከዚያ ጸጥታ ድረስ ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛውን አጀማመር የመጀመሪያው ነው ብሎ ይጽፈዋል።

እኒያን እናት በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ አሳረፍኳቸው፤ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል ሆኖ። ጠዋት ቡና መጠጣታቸውን ጠየቅሁ፤ ጀልባ ሳይሳፈሩ እንደጠጡና ከሁለት ሰዓት በላይ እንደሆነው ነገሩኝ። መጠቅለያውን ከእጅጌያቸው በላይ ሳይሆን በባዶ ክንዳቸው ላይ አሰርኩ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳላደርግ፣ ሦስት ጣቴን በእጅ አንጓቸው ትርታ ላይ አስቀምጬ መንፋት ጀመርኩ። ቀስቱ 144ን ሲያልፍ ትርታው ከጣቴ ሥር አልጠፋም። 160 ላይም አለ። የጠፋው 174 አካባቢ ደርሶ ነው። ልጁ ቀስቱን አብሮኝ ሲያይ ስለነበር ወረቀቱን አጠፈው።

አየሩን ሙሉ በሙሉ ለቅቄ ትንሽ ካቆየሁ በኋላ፣ ማዳመጫውን አድርጌ ትርታው ከጠፋበት 30 ያህል አልፌ ከ200 ትንሽ በላይ ነፋሁ። የመጀመሪያው ድምፅ 176 ላይ መጣ። 160 ላይ ጠፋ፤ ክፍሉ ውስጥ የባጃጅ ድምፅ ከውጭ ባይሰማ ኖሮ ጆሮዬን እጠራጠር ነበር። 144 ላይ ድምፁ ተመልሶ መጣና እስከ 72 ዘለቀ። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለቱ ቁጥሮች ታዲያ ከሐሳብ የተጻፉ አልነበሩም፤ የለካው ሰው የሰማውን ነው የጻፈው፤ የነፋው ግን እስከ 150 ወይም 155 ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በየሁለት ደቂቃው ስደግመው 172 በ70 እና 170 በ70 ሆነ። የመጀመሪያውን ትቼ የሁለቱን አማካይ 171 በ70 ጻፍኩ። ግራ ክንዳቸው 168 ስለነበር ከዚህ በኋላ በቀኙ እንዲለኩ ምልክት አደረግሁ፤ የሁለቱ ክንዶች ልዩነት ሲኖር የምንከተለው ከፍ ያለውን ነው። በጣት ትርታን አስቀድሞ መፈለግ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው።

እዚህ ላይ የጸሐፊውን ምክር ብንከተል ምን እንደምናገኝ እንይ። በስሕተት በተለካውም ሆነ በትክክል በተለካው ላይ የታችኛው ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ 72 እና 70 ነው። የ30 ያህል ስሕተት በሙሉ የገባው በላይኛው ላይ ነው። ዓይኑን ታች ላይ ያደረገ ሰው ስሕተቱም አይታየውም፣ ግፊቱም አይታየውም።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 101 መሆኑም የሚነግረን ነገር አለ። 120 በ80 በሆነ ሰው ላይ ይህ ርቀት 40 ነው። በዚህ ዕድሜ ርቀቱ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቧንቧ መደደር ነው፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አይደለም። የአኦርታ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀርና ደም ወደ ልብ ሲመለስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ ሲያመነጭ፣ ብርቱ የደም ማነስ ሲኖርም ይሰፋል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስመራቸው ከቁጥሩ ጎን «ልዩነቱ ሰፊ፣ የልብ ድምፅ ይታይ» ብዬ ጻፍኩ።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ለአፍ ይመቻል፤ እኔም ከታካሚ ጋር ስነጋገር እጠቀምበታለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ግፊት እንጂ ስለ ደሙ መጠን አይደለም። 120 ሲባል 12 ሳንቲ ሜትር የሜርኩሪ ዐምድ፣ በውኃ ቢሆን ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ዐምድ ከፍ አድርጎ ለመያዝ የሚበቃ ግፊት ማለት ነው። ጨው ሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ የፈሳሹ መጠን ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ይሁንና የደደረ አኦርታ በዋግምት አይለሰልስም። ደማቸው ያነሰ ሆኖ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎችን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ደም ቢቀነስላቸው የሚያገኙት ማዞርና ድካም ነው።

እኒያ እናት በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቀኝ ክንድ 168 በ70 ሆኑ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አስነሥቼ፣ በቆሙ በሦስተኛው ደቂቃ ለካኋቸው፤ ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም ከዚያ በላይ የሚወርድባቸው አረጋውያን ክኒኑ ሲጨመርበት ሊወድቁ ስለሚችሉ ነው። 156 በ68 ሆነ፤ የወረደው 12 ብቻ ነው። ካርዳቸው ላይ ሁለቱንም መስመር ጽፌ፣ አንዱን «ተቀምጠው»፣ ሌላውን «ቆመው» አልኩት። ልጁ ካርዱን ተቀብሎ አየና፣ «ሲስተር፣ ቤት ስለካቸው መጀመሪያ የትኛውን ላንብብ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ከሰዓቱ ጋር እንዲጽፍ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን እንዲለካ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትቼ የቀሩትን እንደማሰላለት ነገርኩት። ወረቀቱን ሐሙስ ያመጣል።